ለቪዛ ማመልከቻ የሚያያዝ የሥራ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ቪዛ የሚጠይቅ ሠራተኛ የሥራ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሲፈልግ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው “በመሥሪያ ቤታችን እየሠሩ ይገኛሉ” የምትል አንዲት መስመር ያለችበት የተለመደ ወረቀት ነው። ለቪዛ ጉዳይ ይህ አይበቃም። የቆንስላው መርማሪ ደብዳቤውን ለብቻው አያነብም፤ ከማመልከቻ ቅጹ፣ ከባንክ ሂሳብ መግለጫውና ከጉዞው ቀን ጋር ያስተያየዋል። ስለዚህ የጸሐፊው ዋና ሥራ ሦስቱን ነገሮች፣ ማለትም የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና ፈቃዱን፣ ከእነዚህ ሰነዶች ጋር እንዲገጥሙ አድርጎ ማስፈር ነው።

በመጀመሪያ የሠራተኛውን የግል ማህደር፣ የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የተፈረመበትን የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽና የጉዞ ቀኑን ከፊትዎ ያድርጉ። ስሙን ከመታወቂያው ወይም ከደመወዝ መክፈያው ሳይሆን ከፓስፖርቱ፣ በፊደል አጻጻፉ ሳይቀር፣ ይገልብጡ፤ የፓስፖርት ቁጥሩንም ይጨምሩ። ደብዳቤው ቆንስላው በሚቀበለው ቋንቋ ቢጻፍ ይመረጣል።

ቀጥሎ መደቡን ይጻፉ። የመደቡን ሙሉ መጠሪያ፣ የተቀጠረበትን ቀን፣ ቅጥሩ ቋሚ ይሁን በኮንትራት፣ ኮንትራት ከሆነም የሚያበቃበትን ቀን ይግለጹ። ኮንትራቱ ከጉዞው ጥቂት ቀን በኋላ የሚያልቅ ከሆነና እድሳቱ አስቀድሞ ከተፈረመ፣ ይህንኑ መጥቀስ ለሠራተኛው ይጠቅመዋል።

ብዙ ደብዳቤዎች የሚሰናከሉት ደመወዙ ላይ ነው። አንዲት የሂሳብ ባለሙያን እንውሰድ። መነሻ ደመወዟ 42,000፣ አበሏ 6,000፣ ጠቅላላው 48,000 ነው፤ ግብርና መዋጮ ተቀንሶ በየወሩ ባንክ የሚገባላት ግን 36,500 ብቻ ነው። ደብዳቤው 48,000 ብሎ ቢያቆም፣ የባንክ መግለጫውን የሚያይ ሰው የ11,500 ልዩነት ያገኛል፤ ምክንያቱን የሚነግረው ግን የለም። መፍትሔው ሁለቱንም ቁጥሮች ከነስማቸው መጻፍ ነው። ደመወዟ በቅርቡ ጨምሮ ከሆነ፣ ያለፉት ወራት ገቢ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ፣ ጭማሪው የጀመረበት ወር አብሮ ይገለጻል። ከዓመታዊው ገቢ ይልቅ ወርሃዊውን አስቀድሙ፤ በባንክ መግለጫው ላይ የሚታየው እሱ ነውና።

ፈቃዱ የራሱ ጥንቃቄ አለው። “የዓመት ፈቃድ ይሰጣቸዋል” ማለት ወደፊት የሚሆንን ነገር መተንበይ ነው፤ “ተፈቅዶላቸዋል” ሊባል ይገባል፤ ለዚያም የፈቃድ ቅጹ አስቀድሞ መፈረም አለበት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የፈቃድ ቀን፣ ፈቃዱ ከደመወዝ ጋር መሆን አለመሆኑ፣ በመጨረሻም ወደ ሥራ የሚመለሱበት ቀን ይጻፋል። የባለሙያዋ ፈቃድ ከሰኞ ጁን 8 እስከ ዓርብ ጁን 19 ቀን 2026፣ 10 የሥራ ቀን ነው፤ ሰኞ ጁን 22 ሥራ ትገባለች። የመመለሻ በረራዋ ማክሰኞ ጁን 23 ተብሎ ከተያዘ ግን ደብዳቤውና ትኬቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከመፈረምዎ በፊት ወይ በረራው ወደ እሑድ ጁን 21 ይቀየር፣ ወይ ፈቃዱ ይራዘም። መሥሪያ ቤቱ በሌላ የዘመን አቆጣጠር የሚጠቀም ቢሆንም፣ በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ማመልከቻው በተሞላበት አቆጣጠር ይሁን።

ዋናው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“የፓስፖርት ቁጥራቸው ከላይ የተጠቀሰው ባልደረባችን ከማርች 4 ቀን 2019 ጀምሮ በቋሚነት በከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያነት የሥራ መደብ ላይ በማገልገል ላይ ይገኛሉ። ያልተጣራ የወር ደመወዛቸው አበልን ጨምሮ 48,000 ሲሆን፣ ግብርና መዋጮ ተቀንሶ 36,500 በባንክ ሂሳባቸው ይገባል። ከጁን 8 እስከ ጁን 19 ቀን 2026 የዓመት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር የተፈቀደላቸው ሲሆን፣ ጁን 22 ቀን 2026 በዚሁ መደባቸው ላይ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።”

ከቁጥሮቹ ጎን የገንዘቡን ስም መጻፍ አይረሳ። የጉዞውን ወጪ መሥሪያ ቤቱ የሚሸፍን ከሆነ ብቻ ይህ ይጨመራል። “ለመመለሳቸው ኃላፊነት እንወስዳለን” የሚለውን ሐረግ ግን እኔ አላስገባም፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው በመዝገቡ ያለውን ነው፣ ሠራተኛውን አስገድዶ ሊመልስ አይችልም።

ደብዳቤው አርማና አድራሻ ባለው ወረቀት ታትሞ፣ ቀንና የወጪ ቁጥር ይዞ፣ ስምና ኃላፊነቱ በግልጽ በተጻፈ ሰው ተፈርሞና ማህተም ተደርጎበት ይወጣል። ቆንስላው ደውሎ ሊያጣራ ስለሚችል፣ የሚጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ስልክና ኢሜይል እንጂ የፈራሚው የግል ስልክ አይደለም። ስልኩን የሚያነሳው ሰውም ግልባጩ የት እንዳለ ይወቅ፤ “እንዲህ ያለ ደብዳቤ አላውቅም” የሚል መልስ ትክክለኛውን ደብዳቤ ሐሰተኛ ሊያስመስለው ይችላል።