ለሠርግ ወንበርና ድንኳን ከመግዛታችሁ በፊት

400 ሰው ጠርታችኋል እንበል። ወንበር ሻጩ አንዱን በ900 ብር፣ አከራዩ ደግሞ በቀን በ20 ብር አላችሁ። 900ን ለ20 ስታካፍሉት 45 ይመጣል። ግዢው የሚያዋጣው ወንበሩ ከ45 ቀን በላይ ከሠራ ብቻ ነው። ሠርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ ተደምረው ሦስት ቀን ቢሆኑ ነው። በዚያ ላይ 400 ወንበር የት ይቀመጣል?

ድንኳኑንም በዚሁ ስሌት እዩት። መጀመሪያ ግን የእድራችሁን ዳኛ ጠይቁ። ብዙ እድር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው፤ ለአባል በቅናሽ የሚሰጥም አይጠፋም።

ከአከራይ ስትወስዱ ማጓጓዣውና ተከላው በዋጋው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ወንበሩን ስትረከቡ ቆጥራችሁ፣ የተሰነጠቀውን ለይታችሁ ፎቶ አንሱ። አለበለዚያ በመመለሻው ቀን የድሮው ስንጥቅ በእናንተ ይቆጠራል።

ምግቡ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። የበሬውን ዋጋ ብቻ ከኬተሪንጉ ጋር እያስተያየ «ራሴ ባሠራው ይረክሳል» ይላል። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ፣ እንጀራው፣ ማገዶው፣ የአራጁና የወጥ ሠሪዎቹ ክፍያ፣ የሳህን ኪራዩ ይደመርና ለ400 ይካፈል። ያኔ ነው ኬተሪንጉ በሰው ከጠየቃችሁ ዋጋ ጋር የሚወዳደረው። ኬተሪንጉን ደግሞ የተረፈው ምግብ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ አስጽፉት።