የዊዝሆልዲንግ ስህተቶች፦ የተያዘባችሁ ብር ወጪ አይደለም

ቱሉ ዲምቱ ላይ ብሎኬት አምርቶ ለኮንትራክተሮች የሚያስረክብ ደንበኛ አለኝ። የ2016ን ሂሳብ ሊያዘጋ ሲመጣ ደረሰኞቹን ሲሚንቶ ባነጣው ፌስታል ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው። መዝገቡን ስገልጠው፣ ገዢዎች በዓመቱ ውስጥ የያዙበትን 24,000 ብር «ወጪ» ብሎ ጽፎታል።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዊዝሆልዲንግ ገዢው ከክፍያችሁ ላይ ቆርጦ በናንተ ስም ለግብር ቢሮ የሚያስገባው፣ ማለትም ቀድማችሁ የከፈላችሁት የራሳችሁ ግብር ነው። ከትርፍ ላይ አይቀነስም፣ የሚቀነሰው ከግብሩ ላይ ነው። የሱን ቁጥር እንየው። የዓመቱ ትርፍ 200,000 ብር ነበር። በ2016ቱ የግለሰብ ነጋዴ ተመን 35 በመቶው 70,000 ይሆናል፣ 18,000 ተቀናሽ ሲወጣለት ግብሩ 52,000 ነው። ከዚህ ላይ 24,000 ሲካካስ የሚከፍለው 28,000 ብቻ ነው። በሱ አሠራር ግን ትርፉ ወደ 176,000 ይወርድና ግብሩ 43,600 ይሆናል፣ እሱንም ሙሉውን ይከፍላል። 15,600 ብር በከንቱ ሊሄድበት ነበር!

ባንክ የገባውን ብቻ ሽያጭ አድርጎ መመዝገብም ያው ስህተት ነው፣ መልኩ ብቻ ይለያል። ከቫት ውጪ የ300,000 ብር ብሎኬት ከሸጣችሁ ሽያጩ 300,000 ነው። የተያዘባችሁን 6,000 ቀንሳችሁ 294,000 ብላችሁ ከጻፋችሁ በየወሩ ካሳወቃችሁት ቫት ጋር አይገጥምም፣ ኦዲተሩም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሂሳቡን ቫት ከተጨመረበት ዋጋ ላይ የሚሠሩም አሉ። በዚሁ ሽያጭ ላይ ቫቱ 45,000፣ ድምሩ 345,000 ነው። በ2016ቱ 2 ፐርሰንት የሚያዘው ከ300,000ው ላይ 6,000 እንጂ 6,900 አይደለም። ስለዚህ እጃችሁ የሚገባው 339,000 ነው። (ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ የዛሬን ክፍያ በድሮው ተመን እንዳትሠሩ።)

ከዚያ በኋላ ያለው የደረሰኝ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። ገዢው ቆርጦ ደረሰኝ ካልሰጣችሁ ወይም ቲን ቁጥራችሁን ካሳሳተ፣ ብሩ ከናንተ ቢወጣም በናንተ ስም አይታይም። ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ቼኩን ስትቀበሉ ደረሰኙንም ተቀበሉና እዚያው ቆማችሁ ቲኑን፣ ቀኑን፣ የተያዘውን ብር አንብቡ። ከፌስታሉ ውስጥ የአንዱ ደረሰኝ ቲን የመጨረሻ ቁጥሩ ተሳስቶ ነበር። የገዢውን ሂሳብ ሠራተኛ ለማግኘት ብቻ ሁለት ሳምንት ተመላለሰ፣ የደረጃ «ሀ» ማሳወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ስለነበር ጊዜ አገኘ እንጂ ያ 6,000 ብር አይካካስለትም ነበር።

የተያዘባችሁ ከዓመቱ ግብር ቢበልጥስ? ልዩነቱ የናንተ ነው፤ ከሌላ የግብር ዕዳ ጋር እንዲካካስ ወይም እንዲመለስላችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኞቹንም አያይዙ።