ለግድግዳ ፎቶ 300 ዲፒአይ የግድ አይደለም

ፎቶ አሳድጋችሁ ልታሳትሙ ስትሉ "300 ዲፒአይ ካልሆነ አይሆንም" ከተባላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ ያሉ ነጥቦች ብዛት ነው። መጀመሪያ ፎቶው ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይ አስቡ።

ዘዴው ይኸው፦ ርቀቱን በሴንቲሜትር ለኩና 8700ን ለእሱ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር የሚበቃችሁ ዲፒአይ ነው። ከሶፋ በላይ ተሰቅሎ ከ150 ሴንቲሜትር ለሚታይ ፎቶ 58 ገደማ ይሆናል። አዎ፣ 58! ጤነኛ ዓይን ከዚያ ርቀት ከዚህ የደቀቁ ነጥቦችን መለየት ስለማይችል ነው። እኔ ግን ተጠግቶ የሚያይ እንግዳ ስለማይጠፋ እጥፉን እይዛለሁ።

አሁን ያላችሁን አስሉ። የስልካችሁ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል፣ ፍሬሙ 60 በ45 ሴንቲሜትር ነው እንበል። 60 ሴንቲሜትር 23.6 ኢንች ነው፤ 4000ን ለ23.6 ስታካፍሉት 169 ዲፒአይ ይመጣል። ይበቃል፣ ይተርፋልም። ያው ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ተልኮ 1280 ፒክስል ሆኖ ከደረሰ ግን 54 ብቻ ነው፣ ጠጋ ሲሉት የሰው ፊት ይደበዝዛል። ስለዚህ ለማተሚያ ቤቱ እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። ኮምፒውተር ላይ የፎቶውን ዲፒአይ ከ72 ወደ 300 መቀየር ብቻውን ምንም አይፈይድም፣ ፒክስሉ ያው ነው።

ደቃቅ ጽሑፍ ላለበት ፎቶ ወይም ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ትንሽ ፍሬም ይህን ስሌት ተዉት። እዚያ 300ው ይሻላል።