ወፍራሙን መስመር ከማየቴ በፊት ሁለቴ የወደቅኩበት ጥያቄ

የጀርመን መንጃ ፈቃድ ቴዎሪ ላይ የመስቀለኛ መንገድ ሥዕል ሁለቴ ጣለኝ። ባለ 5 ነጥብ ጥያቄ ሁለት ከሳትክ፣ ሌላውን ሁሉ ብትመልስም አለቀልህ።

መልስ መሸምደድ አልሠራም፤ ሥዕሉ ትንሽ ሲቀየር ጠፋኝ። «ከቀኝ የመጣ ይቅደም» ማለትም ጉድ አደረገኝ።

የፈታልኝ ከቢጫው የቅድሚያ መንገድ ምልክት ሥር ያለችው ነጭ ሰሌዳ ናት። ወፍራሙ መስመር ቅድሚያ ያለው መንገድ ነው፣ ቀጭኑ ይጠብቃል። መጀመሪያ መኪኖቹን በዚህ ለየኋቸው። የቀኝ ሕግ የሚሠራው ከዚያ በኋላ፣ በየቡድኑ ውስጥ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ወፍራሙ ከታች ተነስቶ ወደ ግራ ይታጠፋል። እኔ ከታች መጥቼ ቀጥ እላለሁ፤ ከግራ ታክሲ፣ እሱም ቀጥታ፤ ከቀኝ የጭነት መኪና፣ ወደ ግራው የሚታጠፍ። የጭነት መኪናው ቀጭኑ ላይ ስለሆነ መጨረሻ ነው። ለታክሲው እኔ በቀኙ ነኝ፤ ስለዚህ እኔ፣ ታክሲው፣ የጭነት መኪናው። በፊት የጭነት መኪናውን ነበር የማስቀድመው!