ዞኮሎ ሲለካና ከሴራሚክ ቁራጭ ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ቤት እየጨረሰ ያለ ሰው ስለ ወለል ሴራሚክ ብዙ ያስባል። በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን ስለሚለጠፈው ጠባብ ሴራሚክ፣ ስለ ዞኮሎ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ወለሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ዞኮሎ ሊሆን ይችል የነበረው የሴራሚክ ቁራጭ ከፍርስራሽ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል፤ አንጣፊው ደግሞ "አንድ ካርቶን ጨምሩ" ይላል። ብዙዎቹ ቤቶች ያን ካርቶን ሙሉውን አያስፈልጋቸውም። ነገሩን አዘዞ አካባቢ በሚሠራ ቤት ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ክፍል ምሳሌ ልንገራችሁ። ክፍሉ 4 ሜትር በ3.50 ነው። ሴራሚኩ 60 በ60፣ ዞኮሎው 10 ሴንቲ ከፍታ አለው።

ዙሪያውን ለክቶ መተው

የክፍሉ ዙሪያ 15 ሜትር ነው። ብዙ ሰው ይህንኑ ይዞ ዕቃ ይገዛል፣ የእጅም በዚሁ ይከፍላል። በር ላይ ግን ዞኮሎ የለም።

በአንድ በር ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ኮሪደር ላይ ስትደርሱ ግን ይጎላል። 5 ሜትር በ1.20 የሆነ ኮሪደር ዙሪያው 12.40 ነው። አምስት በሮች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ቢይዙና አንዱ ጫፍ ለሳሎን ክፍት ቢሆን፣ የሚቀረው 6.20 ብቻ ነው። ልክ ግማሹ! በዙሪያው የተዋዋለ ሰው ከሚከፍለው ግማሹ ላልተለጠፈ ዞኮሎ ነው። ስለዚህ ከአንጣፊው ጋር ስትስማሙ "የተለጠፈው ብቻ ነው የሚለካው" ብላችሁ ከሥራው በፊት ተነጋገሩ።

ሁለት ክፍሎችን የሚያገናኝ በር ከሁለቱም ክፍሎች ይቀነሳል። ከአንዱ ቀንሶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

የበሩን መዝጊያ ስፋት መቀነስ

መቀነስ ያለበት የመዝጊያው ስፋት አይደለም፤ ዞኮሎው ከሚቆምበት እስከ ዳግም እስከሚጀምርበት ያለው ርቀት ነው። ይህ እንደ በሩ አገጣጠም ይለያያል።

በእኛ ክፍል ሁለት በሮች አሉ። የሻወር ቤቱ በር ፍሬም ከመኝታው ግድግዳ ፊት ጋር እኩል ነው፤ ዳሩንም ጣውላ ሸፍኖታል። እዚህ ከጣውላው ውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው ውጭ ጠርዝ ይለካል፦ 92 ሴንቲ። መዝጊያው ግን 80 ነው። 80 ብትቀንሱ 12 ሴንቲ ትርፍ ትቆጥራላችሁ።

የሳሎኑ በር ሌላ ነው። ፍሬሙ ወደ ሳሎን ጠጋ ብሎ ስለተገጠመ፣ በመኝታው በኩል የግድግዳው ውፍረት በግራም በቀኝም 10 ሴንቲ ይታያል። ዞኮሎው ጥጉ ላይ አይቆምም፤ ታጥፎ እስከ ፍሬሙ ይገባል። ስለዚህ 1 ሜትሩ ክፍት ይቀነሳል፣ 20 ሴንቲ ደግሞ ይደመራል። ይህችን የሚደምር ሰው እምብዛም አይገኝም፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ቁራጭ የሚጎድለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ 15 ሲቀነስ 1፣ ሲቀነስ 0.92፣ ሲደመር 0.20፣ 13.28 ሜትር ይሆናል።

ልኬቱ ልስን ካለቀ በኋላ ይሁን። አራቱንም ግድግዳ ለየብቻ ለኩ። በተለይ አራዳ አካባቢ እንዳሉት የቆዩ ቤቶች፣ ድሮ በጭቃ ተመርጎ ኋላ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ፊት ለፊቱ ካለው ጋር እኩል አይወጣም። ሆዱም ይወጣል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ባለ 60 ዞኮሎ መሃሉ ላይ ስለሚቆም ጫፎቹ ክፍተት ያሳያሉ፤ ለሁለት ቆርጦ በ30 በ30 መለጠፍ ይሻላል።

ሜትሩን ለ60 አካፍሎ መጨረስ

13.28 ለ0.60 ሲካፈል 22 እና ጥቂት ይሆናል። ይህ ቁጥር ትክክል የሚሆነው ግድግዳው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን ነው። በግድግዳ በግድግዳ ቁጠሩት።

በር የሌለው የ4 ሜትር ግድግዳ 6 ሙሉና አንድ ባለ 40 ይፈልጋል። የ3.50ው 5 ሙሉና አንድ ባለ 50። የሳሎኑ በር ያለበት በአንድ በኩል 40፣ በሌላው 2.60 ይቀረዋል፤ ይኸውም አንድ ባለ 40፣ 4 ሙሉና አንድ ባለ 20 ነው። የሻወሩ በር ያለበት 1.20 እና 1.38 ነው፦ 4 ሙሉና አንድ ባለ 18። በዚህ ላይ የበሩ ጎን ሁለት ባለ 10።

ሙሉዎቹ 19 ሆኑ። አጫጭሮቹ 40 ከ18፣ 50 ከ10 እያሉ ከአንድ ዘንግ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ ባለ 60 ዞኮሎ፣ ሲወጡ 4 ዘንግ ይበቃቸዋል። በድምሩ 23፤ ለሚሰበረው 2 ጨምራችሁ 25 ያዙ። የዞኮሎው መስመር ከወለሉ መስመር ጋር እንዲገጥም ከፈለጋችሁ (እኔ እመርጠዋለሁ፣ ዓይን ያርፍበታል) ከበር ቀጥሎ ያለው ቁራጭ ስለሚለያይ ጥቂት ይጨመራል።

ቁራጩን ሳያዩ ከፍታ መወሰን

ዋናው ቁጠባ እዚህ ነው። ወለሉ ከአንድ ጥግ ከተጀመረ፣ በሴራሚኮቹ መሃል በ2 ሚሊ ክፍተት፣ በ3.50ው በኩል የመጨረሻው ረድፍ 48 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። የመቁረጫው ዲስክ 3 ሚሊ ስለሚበላ የሚተርፈው 11.7 ነው። እንዲህ ያሉ 6 ይወጣሉ። በ4 ሜትሩ በኩል ደግሞ 38 ገደማ ይቆረጣል፣ የሚተርፈው 22 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እነዚህ 5 ናቸው።

ከፍታው 10 ከሆነ ከፊተኞቹ 6 ዘንግ፣ ከኋለኞቹ ሁለት ሁለት እየወጣ 10 ዘንግ ይገኛል። 16 ዘንግ በነፃ ማለት ነው! የቀሩት 9 ከ2 ሙሉ ሴራሚክ ይወጣሉ። አንዱ ሙሉ ሴራሚክ 5 ዘንግ ነው የሚሰጠው፤ ስድስተኛው ዲስኩ በበላው ምክንያት 8.5 ሆኖ ይቀራል። "60 ለ10፣ ስድስት" ብሎ ያሰበ ሰው እዚህ ይጎድልበታል።

ከፍታውን 12 ብትሉትስ? ባለ 11.7ዎቹ ስድስቱም ይወድቃሉ። ባለ 22ዎቹም አንድ አንድ ብቻ ይሰጣሉ። 16 የነበረው 5 ሆነ። ለ2 ሴንቲ ከፍታ ይህን ያህል ማጣት ተገቢ አይመስለኝም።

የፋብሪካውን ጠርዝ ወደ ታች ማድረግ

የዞኮሎ የላይኛው ጠርዝ ሁልጊዜ ይታያል። በግራይንደር የተቆረጠ ጠርዝ ደግሞ ቀለሙ ይፈነቀላል፤ ተራ ሴራሚክ ከሆነ ቀይ ወይም ነጭ አፈሩ ይወጣል። ስለዚህ የፋብሪካው ጠርዝ ወደ ላይ፣ የተቆረጠው ወደ ወለሉ ይሁን።

ከአንድ ቁራጭ ሁለት ዘንግ ሲወጣ የፋብሪካ ጠርዝ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ከ16ቱ 11ዱ አላቸው፣ 5ቱ የላቸውም። ከሙሉ ሴራሚክም የዳር ሁለቱ ብቻ ናቸው ያላቸው። ጠርዝ የሌላቸውን አልጋና ቁም ሳጥን በሚሸፍነው ግድግዳ ላይ አድርጉ። የቀረውን በአልማዝ ማለስለሻ በትንሹ አጋድሞ ማሸት ነው። ውስጡ ከላዩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ፖርሴሊን ሲታሽ ያምራል፤ ቀለም የተቀባ ሴራሚክ ግን ቢታሽም አፈሩ ይታያል።

ለአንጣፊው ይህን ሥራው ሲጀመር ንገሩት። ቁራጭ ከ10 ሴንቲ በላይ ስፋት ካለው ለብቻ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፣ የፋብሪካው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። የሚጨመሩትን 2 ሙሉዎችም ከዚያው ካርቶን አስቀሩ። በኋላ የሚገዛው ስሙ አንድ ቢሆንም፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ከተለየ ቀለሙ ሊለይ ይችላል።