ኩርባው ላይ ፍጥነቷ የሚቀያየረውን ኳስ እንዴት አስተካከልኩ

ኳሷ (t, t²) በሚለው ኩርባ ላይ በአንድ ፍጥነት እንድትሄድ ፈልጌ t-ን ከ0 እስከ 1 በእኩል እርምጃ ጨመርኩ። እሷ ግን መጨረሻ ላይ ከመነሻዋ ከእጥፍ በላይ ፈጠነች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ፍጥነቱ √(1+4t²) ስለሆነ እኩል የt እርምጃ እኩል መንገድ አይደለም።

ኩርባውን 100 ቦታ ከፋፍዬ የቀጥታ ቁራጮቹን ርዝመት እየደመርኩ በሰንጠረዥ አስቀመጥኩ። ጠቅላላው 1.4789 ሆነ። ቁራጮቹ ኩርባውን ስለሚያቋርጡ ድምሩ ሁልጊዜ በጥቂቱ ያንሳል፤ እዚህ ግን ልዩነቱ ከ0.00001 በታች ነው።

ከዚያ ከተፈለገው ርቀት d ወደ t መመለስ ብቻ ቀረ፤ s በሰንጠረዡ ያሉት የተደመሩ ርዝመቶች፣ ts ደግሞ የእነሱ t እሴቶች ናቸው፦

```
t = np.interp(d, s, ts)
```

መጀመሪያ በሰንጠረዡ ውስጥ ቅርብ የሆነውን t ብቻ ስወስድ ኳሷ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ በሁለቱ ጎረቤት እሴቶች መካከል ማስላቱ ያንን አስቀረው። የመንገዱ እኩሌታ አሁን t = 0.611 ላይ ይውላል፣ 0.5 ላይ አይደለም።