የጊዜ ገደብ ተቀማጭን በአንድ ሰርተፊኬት አትያዙ

ለገጣፎ ወይም ሰንዳፋ አካባቢ ቤት ጀምራችሁ የማጠናቀቂያውን 300,000 ብር ለሦስት ዓመት የምታስቀምጡ ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ሰርተፊኬት አታስቆርጡ። ሦስት ባለ 100,000 አስቆርጡ።

ምክንያቱ ይኸውና። መደበኛው ቁጠባ 7 በመቶ፣ የተደራደራችሁበት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ደግሞ ለምሳሌ 12 በመቶ ነው እንበል። በ20ኛው ወር ቆርቆሮ ሊወደድ ነው ተባለና 100,000 ብር አስፈለጋችሁ። ብዙ ጊዜ ውል ሲፈርስ ወለዱ ወደ ቁጠባው ይወርዳል። ሰርተፊኬቱ አንድ ከሆነ ሁሉም ይፈርሳል፦ 60,000 መሆን የነበረበት ወለድ 35,000 ይሆናል። 25,000 ብር ሄደ ማለት ነው። ሦስት ከሆኑ ግን አንዱን ብቻ ታፈርሳላችሁ፤ የምታጡት 8,300 ገደማ ነው። (ግብሩን አልቀነስኩም።)

ከመፈረማችሁ በፊት «በ20ኛው ወር ባወጣ ስንት ብር ይደርሰኛል?» ብላችሁ በብር አስሰሉ። አንዳንዱ ባንክ ጭራሽ ወለድ አይሰጥም። ወለዱ በየዓመቱ ይከፈል ወይስ መጨረሻ ላይ፣ እሱንም ጠይቁ።

የመንግሥት ቦንድስ? መጀመሪያ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። የአምስት ዓመት ቦንድ ለሦስት ዓመት ገንዘብ አይሆንም። ቀድማችሁ ለመውጣት ገዥ ያስፈልጋችኋል፤ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያችን ደግሞ ሥራ የጀመረው ገና በ2017 ዓ.ም ነው።

አንድ ነገር ግን፦ ባንኩ ከፍ ያለውን ወለድ የሚሰጠው ለትልቅ ገንዘብ ብቻ ከሆነ መከፋፈሉ ላያዋጣ ይችላል።